አልሄድ ያለው STOP፦ የአንድ ፀጉር ቤት የሜሴጅ ጉዳይ

ጥር 2017 ዓ.ም ነው። የሠርግ ወቅት ስለሆነ የአክስቴ ፀጉር ቤት ከጠዋት ጀምሮ ጢም ብሏል። ካስክ ሥር አራት ሰው ተቀምጧል፣ ሁለት ሚዜዎች ተራ ይጠብቃሉ። እኔ ካሸር ላይ ነኝ። አንድ የቆዩ ደንበኛችን፣ ከአክስቴ ጋር ከአሥር ዓመት በላይ የሚተዋወቁ እናት፣ ሒሳብ ሊከፍሉ መጡና ስልካቸውን አወጡ። በቴሌብር ሊከፍሉ መስሎኝ ነበር። እሳቸው ግን ሜሴጅ ከፍተው ስልኩን ወደ እኔ አዞሩት።

«ልጄ፣ እስቲ ይቺን እዪልኝ። የእናንተ ናት አይደል?»

የእኛ ናት። ከላይ የፀጉር ቤቱ ስም አለ። ከሥሩ ዓርብ ዓርብ ማታ የላክናቸው ሜሴጆች ተደርድረዋል። ከመሃላቸው እሳቸው የጻፉት አንድ ቃል አለ፦ STOP። ከጎኑ ቀይ ምልክት፤ አልተላከም። ዝቅ ሲል ሌላ STOP፤ እሱም ቀይ ነው። ሦስተኛው በአማርኛ ነው፦ «እባካችሁ ይብቃኝ»። እሱም አልሄደም።

«ሒሳብ የለውም ብዬ ካርድ ሁሉ ሞላሁ» አሉኝ። «ከዚያ እናንተ ናችሁ የዘጋችሁት ብዬ ተውኩት።»

ምን እንደምመልስላቸው አላወቅኩም። ሜሴጁን የጻፍኩት እኔ ነኝ። «ላለመቀበል STOP ብለው ይመልሱ» የሚለውን መስመር ያስገባሁትም እኔ ነኝ፣ ያውም ትክክለኛ ነገር አደረግኩ ብዬ። አራት ወር ሙሉ አንድም STOP ስላልመጣ ደግሞ ለአክስቴ «አየሽ፣ ከጥቂት ሰው በቀር ማንም አልተማረረም» ብያታለሁ።

ያን ቀን ማታ ከዘጋን በኋላ ተቀምጠን ከመጀመሪያው አየነው። ፀጉር ቤት ወይም ክሊኒክ ኖሯችሁ ለደንበኛ ቴክስት የምትልኩ ከሆነ እኛ የተሳሳትንባቸው ቦታዎች እናንተም ጋ ሊኖሩ ይችላሉ ብዬ ነው ይህን የምጽፈው።

መጀመሪያ STOP ለምን እንዳልሄደ ልንገራችሁ።

ሜሴጁን የምንልከው በአንድ የጅምላ ቴክስት አገልግሎት ሰጪ በኩል ነበር። ገጹ ላይ ገብተህ ጽሑፉን ትጽፋለህ፣ የስልክ ቁጥሮቹን የያዘውን ፋይል ትጭናለህ፣ ትልካለህ። በተቀባዩ ስልክ ላይ በላኪ ቦታ ቁጥር ሳይሆን የቤታችን ስም ይወጣል። አክስቴ ይህን በጣም ወዳው ነበር፣ እውነትም ያምራል። ችግሩ ስም ስልክ ቁጥር አለመሆኑ ነው። መልስ የሚሄድበት ቦታ የለውም። ሰውየው STOP ብሎ ሲጽፍ ስልኩ የሚልክበትን ቁጥር ይፈልጋል፣ ያገኘው ግን ፊደል ብቻ ነው። አንዳንዱ ስልክ «አልተላከም» ይላል፣ አንዳንዱ ጭራሽ መጻፊያውን አያመጣም።

STOP የሚለውን ቃል ደግሞ ሁላችንም የለመድነው ከአራት አሃዝ አጭር ቁጥሮች ነው። እነዚያ መልስ ይቀበላሉ፣ ቃሉን አንብቦ ሰውን ከዝርዝር የሚያወጣ ሲስተም ከኋላቸው አለ። እኔ ዐረፍተ ነገሩን ከእነሱ ቀድቼ፣ ከኋላ ምንም የሌለበት ሜሴጅ ላይ ለጠፍኩት። በር ሥዬ ግባበት እንደማለት ነው።

ከዚህ ሌላም የተማርኩት አለ። ለ860 ቁጥር፣ በየሳምንቱ፣ 16 ሳምንት ልከናል። ያን ያህል ሰው ያን ያህል ጊዜ ተልኮለት አንድም ሰው በሜሴጅ «ይቅርብኝ» ካላለ የተወደደ ሜሴጅ ስለሆነ አይደለም፤ መውጫው ስለተዘጋ ነው። ያ ዜሮ የመጀመሪያው ምልክት መሆን ነበረበት፣ እኔ ግን እንደ ምስጋና ቆጠርኩት። አሁን ለማንም የምለው፣ ከመላክህ በፊት የራስህን ቁጥር ዝርዝሩ ላይ አስገባ። በአንድ የኢትዮ ቴሌኮም ሲም እና በአንድ የሳፋሪኮም ሲም ሞክረው። አቁሙልኝ በል፣ ከዚያ ቀጣዩ ሜሴጅ ሲላክ መቅረቱን በዓይንህ እይ። ግማሽ ሰዓት የማይፈጅ ሥራ ነው፣ እኔ አላደረግኩትም።

ቀጥለን ወደ ዝርዝሩ ሄድን። 860ው ቁጥር ከየት መጣ?

ከሦስት ቦታ ነው የመጣው። አንዱ የቀጠሮ ደብተሩ ነው። ደንበኛ ደውላ ቀጠሮ ስትይዝ ስሟንና ስልኳን እንጽፋለን፣ ሰዓት ከተዛባ ልንደውልላት። ሁለተኛው የእንቁጣጣሽ ዕጣ ነው። ለ2017 አዲስ ዓመት አንድ ሣጥን በር ላይ አስቀምጠን፣ ስምና ስልክ ጽፎ ለሚያስገባ ሁሉ ነፃ የፀጉር ሥራ ዕጣ አወጣን። ከዚያ የተሰበሰበው ወረቀት ሁሉ ኤክሴል ውስጥ ገባ። ሦስተኛው ልጆቹ በየግል ስልካቸው የያዟቸው የደንበኛ ቁጥሮች ናቸው። አክስቴ «ስጡኝ» አለች፣ ሰጡ።

እስቲ ልብ በሉ፣ ከሦስቱ በአንዱም ላይ «የቅናሽ ቴክስት ልላክልዎት ወይ?» ብሎ የጠየቀ የለም። ለቀጠሮ የሰጠችው ለቀጠሮ ነው። ለዕጣ የጻፈው ለዕጣ ነው፤ ዕጣው ወጥቶ አልቋል። ለምትሠራት ልጅ ቁጥሯን የሰጠቻት ደግሞ ለልጅቷ ነው የሰጠችው፣ ለቤቱ አይደለም። በ2016 የወጣው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ፣ ቁጥር 1321/2016፣ ይህንኑ ነው የሚለው፦ ፈቃድ ለተለየ ዓላማ ይሰጣል፣ የሰጠው ሰውም በፈለገ ጊዜ ሊያነሣው ይችላል። ጉዳዩን የሚከታተለው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። አዋጅ መኖሩን እኔ ሰምቻለሁ፤ የባንክና የቴሌ ጉዳይ እንጂ የቀጠሮ ደብተራችንን የሚነካ አልመሰለኝም ነበር። ስም እና ስልክ ጽፈህ ካስቀመጥክ ግን ይነካሃል።

አክስቴ ይህን ስትሰማ መጀመሪያ ያለችው «እንግዲያው ለሁሉም አንድ ሜሴጅ እንላክና እንጠይቃቸው» ነው። እኔም መጀመሪያ ደህና ሐሳብ መስሎኝ ነበር። ግን አስቡት፣ መላክ ያልተፈቀደልንን ሜሴጅ ልናስፈቅድ ሌላ ያልተፈቀደ ሜሴጅ ልንልክ ነው። ያውም መልስ በማይቀበል ስም። እኚያ ሦስት ጊዜ አቁሙ ብለው የደከሙ እናት 17ኛ ሜሴጅ ይደርሳቸዋል። ተውነው። ዝርዝሩን ዘጋነውና ለሁለት ወር ለማንም ምንም አልላክንም። በሩን ገፍቶ የመጣን ሰው በአካል እንጠይቃለን፣ ያልመጣ ይቅር ተባባልን። አክስቴ ደስ አላላትም። «860 ሰው ልታጠፊብኝ ነው» አለችኝ። እውነቷን ነው፣ ብዙ ጠፋ።

በአካል መጠየቁ ራሱ ግን ቀላል አልነበረም። ስለ ፈቃድ በውጭ አገር ደንብ የተጻፈውን ብቻ የሚያነብ ሰው እዚህ ጋ ይሳሳታል ብዬ አምናለሁ።

በመጀመሪያው ሳምንት ካሸር ላይ ሆኜ ሲከፍሉኝ «የቅናሽ መልእክት እንድንልክልዎ ይፈልጋሉ?» እል ነበር። ሁሉም «እሺ» አሉ። ሁሉም! አክስቴ ደስ አላት። እኔ ግን ፊታቸውን አይ ነበር። አንዷ «እሺ» ስትል ዓይኗ በሩ ላይ ነው። ሌላዋ «ላኪው፣ ምን ችግር አለው» አለችና ለጓደኛዋ ወጥታ ምን እንዳለቻት እግዜር ይወቅ። ፊት ለፊት ተጠይቀሽ፣ አሁን ፀጉርሽን አሳምራ የሸኘችሽ ሴት እየሰማች «አልፈልግም» ማለት ይከብዳል። ይሉኝታ ይዞን ነው። በይሉኝታ የተገኘ «እሺ» ደግሞ ፈቃድ አይደለም፣ ነገ ሜሴጁ ሲደርሳት የምትበሳጨው ያቺው ሴት ናት።

ስለዚህ ጥያቄውን ከአፍ ወደ ወረቀት፣ ከካሸር ወደ ካስክ አዛወርነው። ካስክ ሥር የተቀመጠች ሴት ጊዜ አላት፣ ማንም ፊቷን አያይም። እጅ የምታክል ወረቀት አሳተምን። ላይዋ ላይ ስልክ ቁጥር መጻፊያ፣ ከሥሩ ሁለት ባዶ ሣጥን አለ። አንደኛው «የቀጠሮ ማስታወሻ ላኩልኝ» ይላል። ሁለተኛው «የቅናሽ መልእክት ላኩልኝ፣ በወር ከአንድ አይበልጥም» ይላል። ከታች በትንሹ «ሁለቱንም ባዶ መተው ይችላሉ፣ አገልግሎትዎ አይቀየርም» የሚል አለ። ቀድሞ ምልክት የተደረገበት ሣጥን የለም። ልጆቹ ወረቀቱንና እስክሪብቶውን ሰጥተው ይሄዳሉ፣ እሷ ሞልታ አጥፋ ሣጥን ውስጥ ትከታለች። ፊቷ ላይ ቆሞ የሚያነብ የለም።

ልዩነቱ ወዲያው ታየ። ብዙዎቹ የቀጠሮ ማስታወሻውን ብቻ መረጡ። ጥቂቶቹ ባዶውን ከተቱት። በሁለት ወር ውስጥ የቅናሹን ሣጥን ምልክት ያደረጉት 290 ሆኑ። ወረቀቶቹን አልጣልናቸውም፤ በየወሩ ታስረው ኮመዲኖ ውስጥ አሉ፣ ቀኑ ተጽፎባቸው። አንድ ሰው «እኔ መቼ ፈቀድኩ?» ቢል የራሱን እጅ ጽሑፍ እናሳየዋለን።

ሁለቱን ሣጥኖች ለምን እንደለየናቸው ልጨምር። መጀመሪያ አንድ ዝርዝር ብቻ ነበር ያሰብኩት። ከዚያ አንዲት ሙሽራ ትዝ አለችኝ፣ በኅዳር በአካል መጥታ «ሜሴጅ አትላኩብኝ» ያለችን። ስሟን ሰረዝን። የቀጠሮዋ ቀን ማስታወሻም አብሮ ቀረ፣ የሙከራ ሜካፗን ረሳችው። ያቺ ልጅ ቅናሹን ነው ያልፈለገችው እንጂ ቀጠሮዋ እንዲረሳ አልጠየቀችም። ክሊኒክ ቢሆን ይብሳል፦ ማስታወቂያ የሰለቸው ሰው የጥርስ ቀጠሮው ማስታወሻ አብሮ ሊቀርበት አይገባም። በሌላ በኩል ደግሞ የቀጠሮ ማስታወሻ ጅራት ላይ «በነገራችን ላይ 20% ቅናሽ አለን» ብሎ መቀጠል አይቻልም። ያኔ ማስታወሻው ማስታወቂያ ይሆናል።

አሁን ወደ መውጫው ልመለስ። በስም መላኩን አክስቴ አልተወችም፣ እኔም አልተከራከርኳትም። የፀጉር ቤቱ ስም ከታየ ሰው ማን እንደላከለት ያውቃል፤ ከማያውቁት ቁጥር ከሚመጣ ይሻላል። የአጭር ቁጥር ወጪ ደግሞ ለአንድ ፀጉር ቤት አይሆንም። ታዲያ ሰው እንዴት ይውጣ?

መልሱን የሰጠችን ሹሩባ የምትሠራው ልጅ ናት። «ሚስኮል ያድርጉ» አለች።

ትክክል ነበረች። ሰው STOP ለመላክ የሚፈራው ብር ይቆረጥብኛል ብሎ ነው፤ ሚስኮል ሒሳብ አይቆርጥም። መጻፍ አይጠይቅም፤ STOP፣ ስቶፕ፣ አቁም፣ ይብቃኝ ብሎ ቃል መምረጥ የለም። የፊደል ኪቦርድ የሌለው ስልክ ይችለዋል። አንድ አሮጌ በተን ስልክ ላይ ለዚሁ ብቻ አዲስ ሲም አስገባን፣ ካሸሩ መሳቢያ ውስጥ አስቀመጥነው። ሲጠራ አናነሣውም። ማታ ከመዝጋታችን በፊት ያመለጡ ጥሪዎችን ከፍቼ ቁጥሮቹን ወደ ማቆሚያው ዝርዝር እገለብጣለሁ፤ ሜሴጅ በላክንበት ቀን በየሁለት ሰዓቱ አያለሁ፣ ምክንያቱም ያ ስልክ የመጨረሻዎቹን ጥቂት ጥሪዎች ብቻ ነው የሚይዘው፣ የቆየው ይጠፋል። ከዚያ ለደወለው አንድ ማረጋገጫ ይላካል፦ «ከቅናሽ መልእክት ዝርዝር ወጥተዋል።» ሌላ ምንም የለበትም። «ስለሄዱ አዝነናል፣ ቢመለሱ…» የሚል ነገር አንጨምርም።

ሚስኮልም ጉድለት አለው። ብዙ ሰው ሁለት ሲም ይይዛል፣ ሜሴጁ በአንዱ ደርሶት በሌላው ይደውላል። የደወለው ቁጥር ዝርዝራችን ላይ ከሌለ መልሼ እደውልና «የትኛው ቁጥርዎ ላይ ነው የሚደርስዎ?» እላለሁ። ስም አልጠይቅም፣ ምክንያትም አልጠይቅም። አንድ ጊዜ ያነሣው ጎረምሳ ነበር፤ ሲሙን ከገዛው ገና ጥቂት ወሩ ነው፣ የቀድሞዋ ባለቤት የእኛ ደንበኛ ነበረች ማለት ነው። «የጥፍር ቅናሽ ለምን እንደሚደርሰኝ አሁን ገባኝ» አለ። ለእንደዚህ ዓይነት ሰው ነው መውጫው ያለ ጥያቄ መሆን ያለበት፤ ስምህን አረጋግጥ ብትለው የሚያረጋግጠው ስም የለውም።

አሁን አሰልቺ የሚመስል ግን ብዙ ቤት የሚወድቅበት ነገር አለ፦ የቁጥር አጻጻፍ። በኅዳር በአካል መጥተው «አቁሙ» ያሉን ሰዎች ነበሩ፣ ሙሽራዋን ጨምሮ። ከእነሱ አንዷ ከዚያ በኋላም ሜሴጅ ይደርሳት ነበር። ሰርዣታለሁ ብዬ ልምል እችል ነበር። ስፈልግ፣ አራት ቦታ ናት። በቀጠሮ ደብተሩ 09 ብሎ ይጀምራል። በዕጣው ወረቀት +251 ብሎ። ከልጅቷ ስልክ የመጣው መሃሉ ላይ ክፍተት አለው። ኤክሴል ደግሞ የመጀመሪያዋን ዜሮ በልቷት በ9 የሚጀምር አንድ አለ። ለኔ አንድ ሰው ናት፣ ለኮምፒውተሩ ግን የተለያዩ ሰዎች። አንዷን ስሰርዝ ሌሎቹ ይልካሉ።

መፍትሔው ቀላል ነው። የኢትዮጵያ ሞባይል ቁጥር ከአገር ኮዱና ከዜሮው በኋላ ዘጠኝ አሃዝ ነው፣ በ9 ይጀምር በ7። ስለዚህ የመጨረሻዎቹን ዘጠኝ አሃዞች ብቻ ወስዶ ማመሳሰል ነው። ዋናው ቁጥር A ላይ ካለ፣ B ላይ ይህን፦

```
=RIGHT(SUBSTITUTE(A2," ",""),9)
```

ከዚያ C ላይ፣ ቁጥሩ Stop በሚባለው ሺት ላይ ካለ የሚቆጥር፦

```
=COUNTIF(Stop!A:A,B2)
```

C ላይ ዜሮ ያልሆነ ሁሉ አይላክለትም። የተደጋገመው ቁጥርም B ላይ አንድ ዓይነት ሆኖ ይታያል። Stop ሺት ላይ የሚጻፈውም በዘጠኝ አሃዝ ብቻ መሆን አለበት፣ ያለዚያ አይገናኙም።

እዚህ ጋ አንድ ነገር ጠበቅ አድርጌ ልናገር። ያቆመን ሰው ቁጥሩን አትሰርዙት። እኛ ስንሰርዝ ነበር። ንጹሕ ነገር ይመስላል፣ ሰውየው አልፈልግም አለ፣ አጠፋነው። ግን ከወር በኋላ አንዷ ልጅ የቀጠሮ ደብተሩን እንደ አዲስ ስታስገባ ያ ቁጥር ተመልሶ ይመጣል፣ «አልፈልግም» ማለቱን የሚያስታውስ ነገር የለም። ቁጥሩ ብቻ፣ ያለ ስም፣ ያለ ሌላ መረጃ፣ በማቆሚያው ዝርዝር ላይ ይቀመጥ። ያ ዝርዝር ከሌላው ሁሉ በላይ ነው።

ስለ ይዘቱ ደግሞ። አክስቴ መውጫውን መስመር በጥቅምት ልታስወጣው ፈልጋ ነበር። «ይቺ መስመር ናት ገንዘብ የምታስበላኝ» ትላለች። ተሳስታ አይደለም፣ ቴክስት የሚከፈለው በክፍል ነው። አንድ ቴክስት በላቲን ፊደል ከሆነ 160 ሆሄ ይይዛል። በፊደላችን ግን እያንዳንዱ ሆሄ ሰፋ ያለ ቦታ ስለሚወስድ 70 ብቻ ነው፤ ከ70 ካለፈ ተቆራርጦ እያንዳንዱ ክፍል 67 ይይዛል። በእንግሊዝኛ ሆሄ በተጻፈ ሜሴጅ ውስጥ አንዲት «።» ብትገባ እንኳ ጠቅላላው ወደ 70 ይወርዳል። የድሮው ሜሴጃችን ይህ ነበር፦

«ውድ ደንበኛችን እንኳን ደህና መጡ! በዚህ ሳምንት በሁሉም የፀጉር አገልግሎቶች ላይ ልዩ ቅናሽ አድርገናል። ፈጥነው ይምጡና ይዋቡ። ስለመረጡን እናመሰግናለን። ላለመቀበል STOP ብለው ይመልሱ።»

ባዶ ቦታውን ጨምሮ 121 ሆሄ፤ ሁለት ክፍል። የት ቦታ፣ በየትኛው ቀን፣ ስንት እንደሚቀንስ የሚናገር ቃል ግን የለበትም። አሁን የምንልከው እንዲህ ነው፦

«ማክሰኞና ረቡዕ ሹሩባ በ20% ቅናሽ። መልእክቱን ለማስቆም ሚስኮል ያድርጉ፦ 09XXXXXXXX»

58 ሆሄ ነው፣ መውጫው ሙሉ ሆኖ። አንድ ክፍል። ገንዘብ ሲበላ የነበረው መውጫው ሳይሆን ሰላምታውና ምስጋናው ነበር። በፊት ለ860 ሰው 1720 ክፍል በየሳምንቱ እንከፍል ነበር፣ አሁን ለ290 ሰው 290 ክፍል በወር አንዴ።

ከድሮ ሜሴጆቻችን አንዱን ግን ሳስታውስ እስካሁን ያመኛል። ለፀጉር መነቃቀል ትሪትመንት የሚያደርጉ ጥቂት ደንበኞች ነበሩን። አክስቴ ለእነሱ ብቻ ለየት ያለ ሜሴጅ እንድጽፍ ጠየቀችኝ፣ «የፀጉር መነቃቀል ትሪትመንትዎን ለመቀጠል…» የሚል። ላክሁት። አንዷ ስልኳ የቢሮ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ፣ ከፊቷ ሁለት ባልደረቦቿ እያሉ ስክሪኑ በራ። ከዚያ በኋላ ሻሽ ለብሳ መጥታ ነገረችን፤ አልጮኸችም፣ ዝም ብላ ነገረችን። ትሪትመንቱን ሌላ ቦታ ጨረሰች። ሜሴጅ ስልክ ሳይከፈት ስክሪን ላይ ይነበባል፣ ስልክ በቤት ውስጥ ከእጅ እጅ ይዞራል። አዋጁም የጤና ነገርን ከሌላው መረጃ ለይቶ ጥብቅ ጥበቃ የሚሻ ያደርገዋል፣ ክሊኒኮች ይህን ከእኛ በላይ ሊያስቡበት ይገባል። አሁን ሰውየው ራሱ ያደረገውን ነገር የሚናገር ሜሴጅ አንጽፍም። የቀጠሮ ማስታወሻችን እንኳን ቀንና ሰዓት ብቻ ነው፣ ለምን እንደሆነ አይልም።

አንዷ ልጅ ደግሞ በገና «እንኳን አደረሳችሁ» ለሁሉም ስለሄደ፣ ሙስሊም ደንበኞችን በዝርዝሩ ላይ እንለያቸው ብላ ነበር። በቅን ልብ ነው ያለችው። ግን የሰው ሃይማኖት ኤክሴል ላይ የሚያዝ ነገር አይደለም፣ ያውም በስሙ ገምተን። የበዓል ሰላምታ ጭራሽ መላኩን አቆምን።

ከዚህ ጋር ነው የድግግሞሹ ጉዳይ የተፈታው። በየሳምንቱ ለምን እንልክ ነበር? ጥቅሉን ስለገዛን። ከዚህ ሌላ ምክንያት የለውም። ሹሩባ የተሠራች ሴት ሦስት አራት ሳምንት ትቆያለች፤ በሁለተኛው ሳምንት «ይምጡ» ብትላት የምትመጣበት ፀጉር የላትም። ደግሞ ከሁሉ የሚገርመው በበዓል ዋዜማ ነበር አብዝተን የምንልከው። በበዓል ዋዜማ ፀጉር ቤት ያለ ማስታወቂያ ይሞላል! ቅናሽ ሰጥተን የምናመጣው ያለ ቅናሽም ይመጣ የነበረውን ሰው ነው፣ መጥቶም ተራ ይጠብቃል፣ ይበሳጫል። እውነተኛው ባዶ ወቅት ዓቢይ ጾም ነው፣ ሠርግ የለም። ከሳምንቱ ደግሞ ማክሰኞና ረቡዕ።

የመጀመሪያውን አዲስ ሜሴጅ የላክነው ሰኞ መጋቢት 15 ቀን 2017፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ነው። የዓርብ ማታ ሦስት ሰዓቱን ተውነው። ሜሴጁን ያሳየ ደንበኛ ደብተር ላይ «ሜ» ተብሎ ይመዘገባል። በሁለቱ ቀን 17 «ሜ» ተመዘገበ። ለመውጣት ሚስኮል ያደረጉት ስድስት ናቸው፣ ከእነሱ ሌላ አንዷ ቀጠሮ ልትይዝ ብላ ነው የደወለችው፤ «ወጥተዋል» የሚለው ማረጋገጫ ሲደርሳት በዋናው ስልክ ደውላ «መልሱኝ» አለችን። በድሮው ዝርዝር ስንት ሰው እንደመጣ አልቆጠርንም፣ ስለዚህ ከየትኛው እንደሚሻል በቁጥር ልነግራችሁ አልችልም። ስድስቱ ሰዎች መውጣት መቻላቸውን ግን አውቃለሁ፤ በሚያዝያው ሜሴጅ ቁጥራቸው ትይዩ C ላይ 1 አለ።

የአክስቴ እህት ሜሪላንድ አንድ የሐበሻ ፀጉር ቤት ውስጥ ትሠራለች። ይህን ስነግራት እዚያ ባለቤቷ የቅናሽ ቴክስት የምትፈራው እንደ እሳት ነው አለችኝ። የአሜሪካ የስልክ ደንበኞች ጥበቃ ሕግ ከ1991 ጀምሮ ያለ ነው፣ ሕጉን ለጣሰ ለእያንዳንዱ ሜሴጅ 500 ዶላር ሊያስከፍል ይችላል፣ ሆን ተብሎ ከሆነ እስከ 1500። ከኤፕሪል 2025 ወዲህ ደግሞ ያቆመን ሰው በ10 የሥራ ቀን ውስጥ ማውጣት ግዴታ ነው። እኛ ቤት አሥር ቀን አያስፈልግም፣ መሳቢያ ከፍቶ ማየት ነው። ለዚያው ማታ ያልቃል።

በሚያዝያ አክስቴ ለፋሲካ ሁለተኛ ሜሴጅ ልትልክ ፈለገች። የወሩን ልከናል። ወረቀቱን አውጥቼ «በወር ከአንድ አይበልጥም» የሚለውን አሳየኋት፣ እሷው ናት ያሳተመችው። ትንሽ አሰበችና ተወችው። ፋሲካ ዋዜማ እስከ ማታ አራት ሰዓት ሠራን።

እኚያ እናት ከፋሲካ በኋላ መጡ። ልጅቷ ወረቀቱን ካስክ ሥር ሰጠቻቸው። መነጽራቸውን አድርገው ቀስ ብለው አነበቡት። ማታ ሣጥኑን ስንከፍት የቀጠሮ ማስታወሻው ላይ ምልክት አለ። ከቅናሹ ሣጥን ጎን ደግሞ በእስክሪብቶ «አይ፣ ስመጣ በአፋችሁ ንገሩኝ» ብለው ጽፈዋል።